ለኦንላይን ጨዋታ ሄድሴት ለመግዛት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስ ወይም ኒንቴንዶ ስዊች ያላቸው ጓደኞቼና ዘመዶቼ ደጋግመው ያነሱልኝ ናቸው። ሄድሴት ስል ማዳመጫና ማይክሮፎን አንድ ላይ ያለበትን ዕቃ ማለቴ ነው። ሰው ሁሉ የሚጀምረው «ገመድ ያለው ይሻላል ወይስ የሌለው?» ብሎ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ «የምትጫወቱበት ማሽን የትኛው ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ገመድ ያለው ወይስ የሌለው ከማለት በፊት የኮንሶሉ ዓይነት ለምን ይጠየቃል?

ኮንሶሎች ድምፅ የሚቀበሉበትና የሚሰጡበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ለአንዱ ኮንሶል የተሠራ ገመድ አልባ ሄድሴት በሌላው ላይ ጨርሶ ድምፅ ላይሰጥ ይችላል፤ ይህም የጥራት ጉድለት አይደለም።

በቤተሰባችን የደረሰው ነገር ጉዳዩን በደንብ ያሳያል። በአሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እህቴ አዲስ አበባ ላለው ለወንድማችን ልጅ ጥሩ የሚባል ገመድ አልባ ሄድሴት ላከችለት። ልጁ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 ነው። ሄድሴቱ ደግሞ ለኤክስቦክስ የተሠራ ነበር። እህቴ ዋጋውንና የሰዎችን አስተያየት እንጂ በካርቶኑ ጎን ላይ ያለውን የኮንሶል ስም አላየችም። ልጁ በመጀመሪያ በብሉቱዝ ሊያገናኘው ሞከረ፤ ፕሌይስቴሽኑ አልተቀበለውም። ቀጥሎ ከካርቶኑ ያገኘውን ገመድ ሰካ፤ ገመዱ ግን ባትሪ ለመሙላት ብቻ የሚያገለግል ነበር። ሄድሴቱ ባለ ክብ ጃክ መሰኪያም አልነበረውም። በዚህ ሁኔታ ሦስቱም በር ተዘጋበት፤ ያ ውድ ዕቃ ዛሬ የስልኩ ሙዚቃ ማዳመጫ ሆኗል። በመጨረሻ ችግሩን የፈታለት በጣም ርካሽ የሆነ ባለገመድ ሄድሴት ነው። ገዝቶት በመጣበት ምሽት ጆይስቲኩ ላይ ሰክቶ ከጓደኞቹ ጋር መነጋገር ጀመረ።

ስለዚህ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሄድሴት ልግዛልህ ሲል ሁለት ነገር ይጻፉለት፤ የኮንሶልዎን ሙሉ ስም፣ እንዲሁም ያ ስም በካርቶኑ ላይ ካልተጻፈ እንዳይገዛ።

ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ሄድሴት በሁሉም ኮንሶል ላይ ይሠራል?

በሁሉም ሊባል በሚችል ደረጃ፣ አዎ። የሁሉም የጋራ ቋንቋ ይህ ክብ ጃክ ነው። የፕሌይስቴሽን 4 እና የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲኮች ከታች በኩል ቀዳዳው አላቸው። የኤክስቦክስ ሲሪስ ጆይስቲክም እንደዚሁ አለው። ስዊች ላይ ቀዳዳው የሚገኘው በራሱ በማሽኑ አካል ላይ ነው።

ልብ የሚባሉ ጥቂት ጉዳዮች ግን አሉ። በ2013 ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ ዋን ጋር የወጣው ጆይስቲክ ክብ ቀዳዳ የለውም፤ ቀዳዳው የመጣው በ2015 በተሻሻለው ጆይስቲክ ላይ ነው። አሮጌው ያለው ሰው ከጆይስቲኩ ታች የሚሰካ ለብቻው የሚሸጥ አስማሚ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው የስዊች ፕሮ ጆይስቲክ ነው፤ የመጀመሪያው ስዊች ፕሮ ጆይስቲክ የድምፅ ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ማሽኑን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ሶፋ ላይ ሆኖ የሚጫወት ሰው ገመዱ እስከ ማሽኑ ድረስ መድረስ አለበት። በ2025 የወጣው የስዊች 2 ፕሮ ጆይስቲክ ቀዳዳው ስለተጨመረለት ይህ ችግር የለበትም።

ሌላው ኮምፒውተር ነው። ብዙ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ለማዳመጫ አረንጓዴ፣ ለማይክሮፎን ሮዝ ቀዳዳ ለየብቻ አላቸው። በአንድ ጃክ የሚመጣ ሄድሴት እዚያ ላይ ሲሰካ ድምፅ ይሰማል፣ ማይክሮፎኑ ግን አይሠራም። መፍትሔው አንዱን ለሁለት የሚከፍል አጭር ገመድ ነው፤ ብዙ ሄድሴቶች ከካርቶናቸው ጋር ይዘውት ይመጣሉ።

የስልኬ ብሉቱዝ ማዳመጫ በፕሌይስቴሽን ላይ ይሠራል?

በቀጥታ አይሠራም። ፕሌይስቴሽን 4ም ሆነ ፕሌይስቴሽን 5 ከጆይስቲካቸው ጋር የሚነጋገሩት በብሉቱዝ ነው፤ ለስልክ የተሠሩ ተራ የብሉቱዝ ማዳመጫዎችን ግን አይቀበሉም። ይህን ሰምቶ የሚናደድ ሰው ብዙ ነው፤ ብሉቱዝ በማሽኑ ውስጥ እንዳለ እያወቀ ለምን ይከለከላል ብሎ። ኤክስቦክስም የብሉቱዝ ማዳመጫ አይቀበልም።

አንዳንዶች ማዳመጫቸውን ከቴሌቪዥኑ ብሉቱዝ ጋር ያገናኛሉ። የጨዋታው ድምፅ ይመጣል፤ ማይክሮፎኑ ግን በዚያ መንገድ ወደ ኮንሶሉ አይሄድም፣ ድምፁም ከምስሉ ኋላ ይቀራል። ብቻውን ታሪክ ያለው ጨዋታ ለሚጫወት ሰው ይበቃ ይሆናል፤ ከሰው ጋር ለሚጫወት ግን አይመከርም።

ብሉቱዝ ለሙዚቃ ጥሩ ከሆነ ለጨዋታ ለምን አይመችም?

ሁለት ምክንያት አለው፤ ሁለቱም ከብሉቱዝ አሠራር የሚመነጩ ናቸው።

የመጀመሪያው መዘግየት ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ይጨምቃል፣ በአየር ይልካል፣ እንዳይቆራረጥ ጥቂት ያጠራቅማል፣ ከዚያ ፈትቶ ያሰማል። በተለመደው አሠራር ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ሙዚቃ ስንሰማ የምናወዳድረው ነገር ስለሌለ አይታወቀንም። ጨዋታ ላይ ግን ምስል አለ። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጨዋታ አንድ ምስል ስክሪኑ ላይ የሚቆየው 17 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። የ200 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ማለት እንግዲህ የተኩሱን ድምፅ የምንሰማው 12 ምስል ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው። ከግድግዳ ጀርባ የሚመጣን የጠላት ኮቴ ሰምቶ መዞር በሚያስፈልግበት ጨዋታ ይህ ልዩነት መሞትና መትረፍ ነው። እግር ኳስ ጨዋታ ላይ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፤ ኳሷ ከተመታች በኋላ ድምፁ ሲመጣ ግን ያስጠላል።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙም አይነገርም፤ እኔ ግን የባሰው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የተለመደው ብሉቱዝ ጥራት ያለው ስቴሪዮ ድምፅ የሚሰጠው ድምፁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሄድ ነው። ማይክሮፎኑ ሲከፈት ማዳመጫው ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ይቀየራል። የግራና የቀኝ ልዩነት ይጠፋል፣ ሁሉም ነገር እንደ ድሮ ስልክ የታፈነ ይሆናል። በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሰዎች ይህን በቀላሉ ማየት ይችላሉ፤ ሙዚቃ ከፍተው የጨዋታውን የድምፅ መነጋገሪያ ሲያበሩት ሙዚቃው ወዲያውኑ ይደበዝዛል። ማዳመጫው አልተበላሸም። ጠላት በግራ ይምጣ በቀኝ ለመለየት የሚያስፈልገው ስቴሪዮ ድምፅ ግን በዚያችው ቅጽበት ጠፍቷል።

ዶንግል ያለው ገመድ አልባ ሄድሴት ከብሉቱዝ በምን ይለያል?

ዶንግል የምንላት ከሄድሴቱ ጋር በካርቶን የምትመጣውን ትንሽ የዩኤስቢ መሰኪያ ነው። እርሷም በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው የምትሠራው፤ ነገር ግን የብሉቱዝን ሕግ አትከተልም። ከአንድ ሄድሴት ጋር ብቻ እንድትነጋገር ስለተሠራች መዘግየቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው፤ ማይክሮፎኑም ሲከፈት ስቴሪዮ ድምፁ አይጠፋም። ለጨዋታ «ገመድ አልባ» ሲባል ሊታሰብ የሚገባው ይህ ነው።

ኮንሶሉ ዶንግሏን የሚያያት እንደ አንድ ተራ የዩኤስቢ የድምፅ ዕቃ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 እና 5 በዩኤስቢ የሚመጣ ድምፅ ስለሚቀበሉ ብዙ ዶንግሎች ያለ ምንም ፕሮግራም ይሠራሉ። ኤክስቦክስ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

የቀዳዳውንም ቅርጽ አይርሱ። በ2023 መጨረሻ የወጣው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 5 ከፊት ለፊት ያሉት ሁለቱም ቀዳዳዎች ትንንሾቹ የዩኤስቢ ሲ ናቸው። ሰፊው ዩኤስቢ ያለው ከኋላ ነው። ባለ ሰፊ ዩኤስቢ ዶንግል ያለው ሰው ከኋላ ሲሰካት የማሽኑ አካል በዶንግሏና በሄድሴቱ መካከል ይገባል። በተጨማሪም ፈጣን ዩኤስቢ ላይ የተሰካ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በአጠገቧ ካለ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ረብሻ ይፈጥራል። ድምፁ በየደቂቃው የሚቆራረጥ ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። ግማሽ ሜትር የምታህል የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገዝቶ ዶንግሏን ወደ ፊት ማውጣት ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ኤክስቦክስ ላይ ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ኤክስቦክስ የራሱ የሆነ የገመድ አልባ ቋንቋ ስላለው ነው። ኤክስቦክስ ዋየርለስ ይባላል፤ ጆይስቲኩም የሚነጋገረው በእርሱ ነው። ለዚህ የተፈቀደለት ሄድሴት ያለ ዶንግል በቀጥታ ከማሽኑ ጋር ይገናኛል፤ ይህ በጣም ምቹ ነው። ያልተፈቀደለት ሄድሴት ግን፣ በዩኤስቢም ቢሰካ፣ አይሠራም። በኮምፒውተርና በፕሌይስቴሽን ላይ እንከን የሌለው ዶንግል ኤክስቦክስ ላይ ሲሰካ ዝም ይላል።

አንዳንድ አምራቾች አንድን ሄድሴት በተለያየ ፊደል ለያይተው የሚሸጡትም ለዚህ ነው። ለምሳሌ የስቲልሲሪስ አርክቲስ ኖቫ 7 ሄድሴት መጨረሻው ላይ P ያለበትና X ያለበት አለው። P ያለበት ኤክስቦክስ ላይ አይሠራም። X ያለበት ግን ኤክስቦክስ ላይም ፕሌይስቴሽን ላይም ይሠራል። መልካቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። በቤቱ ሁለቱም ኮንሶል ያለው ሰው የሚፈልገው X ያለበትን ነው።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለመገላገል የሚፈልግ የኤክስቦክስ ተጫዋች ባለ ክብ ጃክ ሄድሴት ገዝቶ ጆይስቲኩ ላይ ይስካ። አንድ ነገር ግን ይወቅ፤ ያንኑ ጆይስቲክ ከኮምፒውተር ወይም ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ሲያገናኘው የጆይስቲኩ የድምፅ ቀዳዳ አይሠራም። ድምፁ የሚመጣው ጆይስቲኩ በገመድ ወይም በኤክስቦክስ ዋየርለስ ሲገናኝ ነው።

ስዊች ብሉቱዝ ይቀበላል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። በመስከረም 2021 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው 13.0.0 ማሻሻያ የብሉቱዝ ማዳመጫ መቀበል ጀምሯል። ገደቡ ግን ብዙ ነው። የብሉቱዝ ማይክሮፎን አይቀበልም። ማዳመጫው ተገናኝቶ እያለ ከሁለት በላይ ገመድ አልባ ጆይስቲክ መጠቀም አይቻልም። በአንድ ክፍል ውስጥ ስዊች ለስዊች ተገናኝተው ሲጫወቱም ማዳመጫው ይቋረጣል።

ማሽኑን በእጁ ይዞ ለሚጫወት ሰው የዩኤስቢ ሲ ዶንግል ያለው ሄድሴት ደህና ምርጫ ነው፤ ዶንግሏ ከታች በኩል ትሰካለች። በማይክሮፎን መነጋገር ግን በስዊች እንደ ጨዋታው ይለያያል። ፎርትናይት ማሽኑ ላይ በተሰካ ባለ ክብ ጃክ ሄድሴት ያነጋግራል። ብዙዎቹ የራሱ የኒንቴንዶ ጨዋታዎች ግን በመጀመሪያው ስዊች ላይ ለድምፅ የስልክ መተግበሪያ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ለስዊች ውድ ማይክሮፎን ከመግዛትዎ በፊት የሚጫወቱት ጨዋታ ይጠቀምበት እንደሆነ ያረጋግጡ።

ገመድ አልባ ሄድሴት ኢንተርኔቴን ያዘገየዋል?

ሄድሴቱ ወደ ጨዋታው ሰርቨር የሚሄደውን መልእክት አይነካም፤ መልእክቱ ሄዶ የሚመለስበትን ጊዜ የሚያሳየው የፒንግ ቁጥርም በሄድሴት ዓይነት አይቀየርም። የሰርቨሩ መዘግየትና የድምፁ መዘግየት የተለያዩ ናቸው። ችግሩ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲመጡ ነው። ሰርቨሩ ሩቅ አህጉር ላይ ያለ ተጫዋች ከመነሻው ዘግይቶ ነው የሚያየው፤ በዚያ ላይ የብሉቱዝ መዘግየት ሲደረብ ጨዋታው ከእጁ ያመልጠዋል።

አንድ ሁኔታ ብቻ ልዩ ነው። ዋይፋዩም ዶንግሏም በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ከሆኑና ራውተሩ ከኮንሶሉ አጠገብ ከተቀመጠ ሊረባበሹ ይችላሉ። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ኮንሶሉን ወደዚያ መቀየር፣ ካልሆነም ኮንሶሉን በኔትወርክ ገመድ ማገናኘት ይፈታዋል።

ሰክቼው የጨዋታው ድምፅ ይሰማኛል፣ የሰዎች ንግግር ግን ከሩቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ተበላሽቷል?

አይመስለኝም። ይህ ምልክት በጣም የታወቀ ነው። ማይክሮፎን ያለው ሄድሴት ጃክ በሦስት ቀለበት በአራት የተከፈለ ነው፤ ግራ፣ ቀኝ፣ የጋራ መመለሻና ማይክሮፎን። ማይክሮፎን የሌለው ማዳመጫ ግን ቀለበቱ ሁለት ብቻ ነው። የጋራ መመለሻው በደንብ ካልነካ ማዳመጫዎቹ የሚያሰሙት በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። በሁለቱም ጎን እኩል የሚመጣው የተናጋሪው ድምፅ እርስ በርሱ ተሰርዞ ይጠፋል፤ የሚቀረው ማጀቢያው ነው።

መጀመሪያ ጃኩ እስከ መጨረሻ መግባቱን ይመልከቱ። ጆይስቲኩ ላስቲክ ሽፋን ካለበት ሽፋኑ ጃኩን ገፍቶ ሊያስቀረው ይችላል። ገመዱ ላይ የስልክ ጥሪ ማንሻ ቁልፍ ካለ ተጭነው ይያዙት፤ ያን ጊዜ ድምፁ ከተስተካከለ ችግሩ የመመለሻው መስመር መሆኑ ተረጋገጠ። ቀዳዳውን በደረቅ ነገር ማጽዳት ወይም ሌላ ጆይስቲክ ላይ መሞከር ቀጣዩ እርምጃ ነው።

ጓደኞቼ አይሰሙኝም፣ ወይም የራሳቸውን ድምፅ መልሰው እንደሚሰሙ ይነግሩኛል።

ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ከሆኑ ወደ Settings > Devices > Audio Devices ይሂዱ። Output to Headphones የሚለው Chat Audio ላይ ከሆነ በጆሮዎ የሚመጣው የሰው ንግግር ብቻ ነው፤ የጨዋታውን ድምፅም ለማግኘት All Audio ያድርጉት። እዚያው Adjust Microphone Level የሚለውን ከፍተው ሲናገሩ ምልክቱ ከተንቀሳቀሰ ማይክሮፎኑ ይሠራል፤ ችግሩ በጨዋታው ቅንብር ውስጥ ነው። በፕሌይስቴሽን 5 ተመሳሳዩ ነገር Settings > Sound ውስጥ ይገኛል።

ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ጆይስቲኩ ራሱ ማይክሮፎን አለው። ሄድሴቱ ማይክሮፎን ከሌለው ወይም ካልታወቀ፣ ጆይስቲኩ የክፍሉን ድምፅ፣ የቴሌቪዥኑንም ጭምር፣ ለሁሉም ያሰማል። ጓደኞችዎ የራሳቸውን ድምፅ የሚሰሙት ከቴሌቪዥንዎ ተነሥቶ በጆይስቲኩ ማይክሮፎን ስለሚመለስ ነው። በጆይስቲኩ መሐል ያለችው ትንሽ ቁልፍ አንዴ ስትጫን ማይክሮፎኑን ትዘጋለች፤ ብርቱካንማ መብራትም ታሳያለች። ተጭነው ከያዟት ግን የጨዋታውንም ድምፅ ጭምር ትዘጋለች። «ድምፁ ድንገት ጠፋ» ብለው ከሚደውሉልኝ ሰዎች ጥቂቶቹ ይህችን ሳያውቁ የያዙ ናቸው።

7.1 የሚል ሄድሴት ልግዛ?

7.1 ማለት ድምፁ ከዙሪያ ሁሉ የሚመጣ እንዲመስል የሚያደርግ አሠራር ነው፤ ለዚያ ጽሑፍ ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ። አብዛኞቹ በየጎኑ አንድ ማዳመጫ ብቻ ነው ያላቸው፤ አቅጣጫውን የሚፈጥረው ስሌት ነው። ያን ስሌት ፕሌይስቴሽን 5 በራሱ ይሠራዋል፤ ለማንኛውም ስቴሪዮ ሄድሴት፣ ጆይስቲኩ ላይ ለተሰካውም ጭምር። ኤክስቦክስም Windows Sonic የሚባለውን ያለ ክፍያ ይሰጣል። የሄድሴቱንና የኮንሶሉን ስሌት አንድ ላይ ማብራት ደግሞ ድምፁን ያደበላልቃል፤ የኮቴው አቅጣጫ ከመጥራት ይልቅ ይጠፋል።

እንግዲህ የትኛውን ትመክራለህ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ያለ ማመንታት ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ፣ ገመዱ ከሄድሴቱ የሚነቀል። ባለገመድ ሄድሴት መጀመሪያ የሚበላሸው ጃኩ አንገት ላይ ነው፤ ገመዱ የሚነቀል ከሆነ ገመዱን ብቻ ቀይሮ መቀጠል ይቻላል። ኮንሶል ቢቀየርም ሄድሴቱ አብሮ ይሄዳል። መብራት ጠፍቶ ቢውልና ማታ ቢመጣ ባትሪ መሙላት ሳያስፈልግ ወዲያውኑ መጫወት ይቻላል። ስቱዲዮ የሚባሉትን፣ የኤሌክትሪክ መቋቋማቸው 250 ኦም የሆነ ማዳመጫዎች ግን ለዚህ አይምረጡ፤ ጆይስቲኩ እነርሱን የሚያነሣ ጉልበት ስለሌለው ድምፃቸው ያንሳል። 32 ኦም አካባቢ ያለው ተስማሚ ነው።

ዶንግል ያለውን የምመክረው ከቴሌቪዥኑ ርቆ ለሚቀመጥ፣ ብዙ ሰዓት ለሚጫወትና ጆይስቲኩ ላይ የሚንጠለጠል ገመድ ለሚያስቸግረው ሰው ነው። ባትሪ እየሞላ መጫወት የሚያስችል መሆኑን፣ ከተቻለም ባትሪው ሲያልቅ በክብ ጃክ የሚሠራ መሆኑን ይጠይቁ።

ያገለገለ ሄድሴት ስገዛ ምን ልፈትሽ?

ገመድ አልባ ከሆነ በመጀመሪያ ዶንግሏን ይጠይቁ። «ዶንግሏ ጠፍታለች፣ በብሉቱዝ ግን ይሠራል» ከተባሉ አይግዙት፤ ለኮንሶል የሚያገለግለው ክፍል የለም ማለት ነው፤ ምትክ ዶንግልም ማግኘት ከባድ ነው። ዶንግሏ ካለች ከዚያው ሄድሴት ጋር መገናኘቷን በዓይንዎ ይዩ፤ መልኳ ስለተመሳሰለ ብቻ የሌላ ሄድሴት ዶንግል አትሠራም።

ባለገመድ ከሆነ የራስዎን ጆይስቲክ፣ ከተቻለም ኮንሶሉን ይዘው ሄድሴቱ ወዳለበት ቦታ ሄደው ይሞክሩ። ሻጩ ዘንድ ኮንሶል ከሌለ ክብ ቀዳዳ ያለው ስልክ ይበቃል። ስልኩ ላይ ሰክተው ድምፅዎን ይቅዱ፣ እየቀዱም ገመዱን ከጃኩ አንገት ላይ በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያጥፉት። ከዚያ ቅጂውን በዚያው ሄድሴት መልሰው ያዳምጡ፣ አሁንም ገመዱን እያጠፉ። ሲቀዱ ድምፅዎ የተቆረጠበት ቦታ ካለ የማይክሮፎኑ መስመር ውስጥ ውስጡን ሊበጠስ ነው፤ ሲያዳምጡ አንዱ ጎን የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የዚያኛው ጎን ሽቦ ነው። ገመዱ የሚነቀል ካልሆነ በዚያ ዋጋ አይውሰዱት።